ግድግዳው ለምን ተጨማደደ? የመጋዘን ሳንድዊች ፓነል ሙሌት፣ መገጣጠሚያና ስፓን

ባለፈው በጋ ሞጆ አካባቢ አንድ የአትክልት ማቆያ መጋዘን እንዳይ ተጠራሁ። ውስጡ 4 ዲግሪ ነው። ግድግዳው 100 ሚሊሜትር የፖሊዩሬታን ፓነል ነው፣ ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ። እያንዳንዱ ፓነል 8 ሜትር ይረዝማል፤ ከመሬት እስከ ጣሪያ አንድ ወጥ ሆኖ ቆሟል። መሃል ላይ፣ በ4 ሜትር ከፍታ፣ አግድም ብረት አለ፤ ፓነሉ እዚያ ላይ በብሎን ታስሯል።

በምዕራብ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ልክ በዚያ ብረት ከፍታ፣ አንድ አግድም እጥፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዷል። ሰው ሆን ብሎ በማስመሪያ ያጠፈው ነው የሚመስለው። መሰላል ላይ ወጥቼ በአውራ ጣቴ ስጫነው ላሜራው ወደ ውስጥ ገባ፣ ስለቀው ጠቅ ብሎ ተመለሰ። ከፎሙ ተላቋል ማለት ነው። ከብረቱ ግማሽ ሜትር ከፍ ብዬ ስጫን ግን ፍንክች አይልም።

ባለቤቱ ንፋስ ነው ያደረገው ብሎ ነበር። ኮንትራክተሩ ደግሞ “ያኔም ብያለሁ፣ ፓነሉ ሳሳ፣ 150 ቢሆን ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር” አለኝ። ይህንን አባባል በጣም ብዙ ቦታ ሰምቼዋለሁ። ወፍራም ከሆነ ይችላል የሚል እምነት አለ። ለሙቀት መከላከያነት እውነት ነው። ለዚህ እጥፋት ግን እውነት አይደለም፤ ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ፓነሉ እንዴት እንደሚሸከም እንይ። ሁለት ስስ ላሜራ አለ፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር። መሃሉ ሙሌት ነው። ፓነሉ ሲገፋ አንዱ ላሜራ ይጨመቃል፣ ሌላው ይሳባል። ሙሌቱ ሁለቱን አራርቆ ይይዛል፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተትም ይከለክላል። ስለዚህ ሙሌቱ የሙቀት መከላከያ ብቻ አይደለም፣ የመዋቅሩ አካል ነው። ስስ ላሜራ ሲጨመቅ ብረቱ ራሱ አቅም ከማጣቱ በፊት ይሸበሸባል። ያ የሚሸበሸብበት መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በሙሌቱ ጥንካሬና ሙጫው በያዘበት አያያዝ ነው። ለስላሳ ሙሌት ላይ የተለጠፈ ምርጥ ብረት ቶሎ ይሸበሸባል። ደህና በሆነ የፖሊዩሬታን ፓነል ላይ ለጥ ያለ ላሜራ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር ላይ ይሸበሸባል፤ ብሎን በገባበት የመሃል ድጋፍ ላይ ደግሞ ከዚያ ያንሳል።

አሁን ንፋሱን እንቁጠር። ንፋስ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይስባል እንበል፣ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ገደማ። ስፓኑ፣ ማለትም ከድጋፍ እስከ ድጋፍ ያለው ርቀት፣ 4 ሜትር ነው። ሲሰላ በመሃሉ ድጋፍ ላይ ላሜራው ላይ የሚመጣው ጫና 15 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ንፋስ ብቻ ቢሆን ያ ግድግዳ ዕድሜውን ሙሉ አይጨማደድም ነበር።

ፀሐዩን እንቁጠረው። ፓነል የሚለካበት የአውሮፓ ስታንዳርድ፣ EN 14509፣ ለውጭው ላሜራ የበጋ ሙቀት በቀለም ከፋፍሎ ቁጥር ይሰጣል። በጣም ነጣ ላለው 55 ዲግሪ፣ ለመካከለኛው 65፣ ለጠቆረው 80። ጥቁር ሰማያዊ ከ80ዎቹ ነው። ውስጡ 4 ስለሆነ ልዩነቱ 76 ዲግሪ ይሆናል። የውጭው ላሜራ ይለጠጣል፣ የውስጡ ባለበት ይቆያል፣ ፓነሉም ወደ ውጭ ይቆለመማል። ከላይና ከታች ብቻ ቢታሰር ምንም ችግር አልነበረም፣ እንደ ቀስት ጎበጥ ብሎ ማታ ይመለስ ነበር። የእኛ ፓነል ግን መሃሉ ላይም ታስሯል። ሆዱን ሊያወጣ ሲል ብሎኑ ወደ ውስጥ ይስበዋል። መለጠጥ የፈለገው ላሜራ እዚያ ቦታ ላይ ይጨመቃል።

በሁለት እኩል ስፓን ላይ የሚመጣው የዚህ ጫና ቀመር አጭር ነው፦

```
σ = 0.75 × E × α × ΔT ÷ (1 + k)
```

E የብረቱ ግትርነት ነው፣ 210,000። α ብረት በአንድ ዲግሪ የሚለጠጥበት መጠን ነው፣ 0.000012። k ሙሌቱ ትንሽ ስለሚሸሽ የሚገኝ ቅናሽ ነው፣ በዚህ ፓነልና በዚህ ስፓን 0.33 ገደማ። ስታሰሉት 108 ይመጣል። የንፋሱን 15 ስትጨምሩበት 123። ሁለቱ በአንድ ሰዓት ሙሉ ኃይላቸውን ይዘው አይመጡም ብለን ብንቀንስ እንኳን ከመቶ በታች ለመውረድ ይከብዳል። ብሎን ባለበት ድጋፍ ላይ ይህ የሚያጨማድድ ጫና ነው። እጥፋቱም የታየው በምዕራብ በኩል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ያንን ግድግዳ ነውና።

ቀመሩን ደግማችሁ እዩት። የፓነሉ ውፍረት የለበትም። የላሜራውም ውፍረት የለበትም። ሁለቱም የሚገቡት በቅናሹ በk በኩል ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ጉዳዩን የሚገለብጥ አይደለም። 150 ሚሊሜትር ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ወደ 96 ዝቅ ይላል፣ ያንን ታህል ቅናሽ ለማግኘት ግን በፓነሉ ዋጋ ላይ ብዙ ብር ይጨመራል። ፓነሉ ነጭ ቢሆን ኖሮ ግን ልዩነቱ 51 ዲግሪ ይሆንና ጫናው ወደ 73 ይወርዳል። በነጻ! ፓነሉ በመሃሉ ብረት ላይ ተቆርጦ ሁለት ባለ 4 ሜትር ቁራጭ ቢሆን ደግሞ የሙቀቱ ጫና ጨርሶ ዜሮ ነው።

ሰዎች የሚሳሳቱት የአምራቹን የስፓን ሠንጠረዥ ሲያነቡ ነው። ሠንጠረዡ “100 ሚሊሜትር፣ 50 ኪሎ፣ ይህን ያህል ሜትር” ይላል። ከላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ማንም አያየውም። ስንት ስፓን ነው? የየትኛው ቀለም ምድብ ነው? የውስጥ ሙቀቱ ስንት ተብሎ ነው የተሰላው? ላሜራው ስንት ነው? የተፈቀደው መጉበጥስ? ለአንድ ደረቅ መጋዘን፣ በነጭ ቀለም፣ በ0.5 ላሜራ የወጣ ሠንጠረዥ ለቀዝቃዛ ማቆያ በጥቁር ሰማያዊ ቀለም አይሠራም። ከአንድ አምራች ሠንጠረዥ ወስዶ የሌላ አምራች ፓነል መግዛትማ ጭራሽ ነው። ሙሌቱ ተመሳሳይ ስም ቢኖረውም ጥንካሬው አንድ አይደለም።

የላሜራው ነገርም አለ። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጥቅል ላሜራ በብር ሲታሰብ በጣም ስለተወደደ፣ ደንበኛውም ሻጩም መጀመሪያ የሚቀንሱት እሱን ነው። 0.5 ተብሎ የተሸጠ ፓነል 0.35 ሆኖ አግኝቻለሁ። ቁራጭ አስመጥታችሁ ፎሙን ፍቃችሁ በማይክሮሜትር ለኩ። ቀለሙም ብቻውን ከመቶ ሚሊሜትር ሁለት ሦስት እጅ ስለሚወስድ፣ ከነቀለሙ 0.40 ያነበበ ብረቱ ከዚያ በታች ነው። ስስ ላሜራ ሲጭኑት ይሰረጉዳል፣ ብሎን ሲጠብቅ ይጎደጉዳል፣ የንፋሱን ጫና ደግሞ በቀጥታ ያበዛዋል።

ወደ ሙሌቱ እንምጣ። እኛ ጋ የሚዞረው ሦስት ዓይነት ነው። ነጩ፣ እንክብል እንክብል ያለበት፣ ኢፒኤስ የምንለው። ቢጫማው ፖሊዩሬታን፣ ከሱ ጋር ወንድማማች የሆነው ፒአይአርም። ሦስተኛው ሮክ ውል፣ ከድንጋይ የተፈተለ ጥጥ።

ሙቀት በመከላከል ፒአይአር ይበልጣል። 100 ሚሊሜትር ፒአይአር የሚሠራውን ሥራ ለመሥራት ኢፒኤስ 170 ገደማ፣ ሮክ ውል ደግሞ 185 ገደማ መሆን አለበት። ለቀዝቃዛ ማቆያ ይህ በየወሩ በመብራት ቢል ላይ የሚታይ ነገር ነው። 600 ካሬ ሜትር ጣሪያ አስቡ፣ እኩለ ቀን ላይ የ60 ዲግሪ ልዩነት አለ። በ100 ሚሊሜትር ኢፒኤስ 13 ኪሎዋት ሙቀት ይገባል፣ በፒአይአር 8። ያንን ልዩነት ኮምፕረሰሩ ነው የሚያወጣው። ለማዳበሪያ ወይም ለቡና መጋዘን ግን ይህን ያህል አይጨነቁበትም፣ እዚያ ስስ ኢፒኤስ ጣሪያ እንዳያልብና ቀኑ እንዳያቃጥል ይበቃል።

እሳት ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሮክ ውል አይቃጠልም። ኢፒኤስ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ መለስለስ ይጀምራል፣ ከዚያ ይቀልጣል፤ ላሜራው ባዶውን ይቀርና ተገንጥሎ ይወድቃል። በውጭ የማይታይ እሳት በሁለቱ ላሜራ መሃል ይሄዳል፣ እሳት አጥፊዎችን የሚያሰጋቸውም ይህ ነው። ፖሊዩሬታን ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ፒአይአር ላዩ ከስሎ ቅርፊት ስለሚሠራ ዘገም ይላል እንጂ የማይነካው አይደለም። ደቡብ ኮሪያ ኢቾን ከተማ በ2008 (እ.ኤ.አ.) በአንድ የቀዝቃዛ ማቆያ እሳት 40 ሰው ሞተ። በ2020 ደግሞ እዚያው ከተማ በግንባታ ላይ ባለ መጋዘን 38 ሠራተኞች አለቁ፤ መነሻው ዩሬታን ፎም አጠገብ የተሠራ ብየዳ ነበር። ይህ ለእኛ ቅርብ ነው። ፓነል ከቆመ በኋላ “አንዲት አንግል ብቻ ልበይድ” የሚል ሠራተኛ የሌለበት ሳይት አላየሁም። በእኔ ሥራ ላይ ፓነል ከቆመ ብየዳ የለም፣ በብሎን ይታሰራል።

ብዙ ሰው የሚቀመጥበት ወይም የሚሠራበት ክፍል ከመጋዘኑ ጋር ከተያያዘ፣ ቢያንስ የሚለየው ግድግዳ ሮክ ውል ይሁን እላለሁ። ሲገዙ ግን የተቆረጠውን ጫፍ እዩት። ክሮቹ ከላሜራ ወደ ላሜራ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። እንደ ፍራሽ ተኝተው ከሆነ ያ ለመዋቅር የተሠራ አይደለም፣ ጣሪያ ላይ ቢወጣ ሲረግጡት ይሰምጣል፣ በሠንጠረዡ ላይ ያለው ስፓንም አይሠራለትም። ሮክ ውል ከባድም ነው፣ 100 ሚሊሜትሩ በካሬ ሜትር ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል፣ የፒአይአሩ 12 ገደማ። ውሃ ከገባበት ደግሞ ጥንካሬው ይወርዳል፤ ስለዚህ ሳይት ላይ ሳይሸፈን ዝናብ ያደረበትን አትቀበሉ።

መገጣጠሚያው ጋ ስንደርስ፣ ያው የሞጆው መጋዘን ሌላ ጉድ ነበረበት። ውስጥ ገብቼ የግድግዳውን እግር ሳይ፣ በየመገጣጠሚያው ስር ትንሽ ኩሬ። ባለቤቱ ወለል ሲታጠብ የቀረ መስሎት ነበር። አልነበረም። ውሃው ከራሱ ከፓነሉ መጋጠሚያ ነው የሚወርደው።

የፓነል መገጣጠሚያ ወንዴና ሴቴ ነው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። ፋብሪካው ጎሚኒ ያደርግበታል፣ ሳይት ላይ ደግሞ የማይደርቅ ማስቲሽ፣ ቡታይል የሚባለው፣ ይጨመርበታል። ጥያቄው በየት በኩል የሚለው ነው። የውጭው አየር 28 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ ግማሽ ቢሆን፣ 17 ዲግሪ ገደማ የደረሰ ነገር ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። ግድግዳው ውስጥ የሆነ ቦታ 17 ዲግሪ አለ። እርጥበቱ የሚጓዘው ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ነው፣ ስለዚህ መዘጋት ያለበት ሳይገባ በፊት በውጭ በኩል ነው። እዚህ ግን በውስጥ በኩል ሲልከን ተደርጎ በጣት ተለስልሶ አምሮ ተጠናቋል፤ በውጭ በኩል ምንም የለም። ምክንያቱ ይገባኛል። ውስጥ ስካፎልዲንግ ነበር፣ ንጹሕ ነው፣ ለባለቤቱም ይታያል። ውጤቱ ግን እርጥበቱ ይገባል፣ ውስጥ ላይ መውጫ ያጣል፣ እዚያው ውሃ ሆኖ በመገጣጠሚያው ውስጥ ይወርዳል። ከዜሮ በታች በሆነ ማቆያ ቢሆን በረዶ ሆኖ መገጣጠሚያውን እየፈለቀቀ ይከፍተው ነበር።

ይህን ለማወቅ የሙቀት ካሜራ ካለ ጥሩ ነው፣ ከሌለ ደግሞ ሁለት ቀላል ዘዴ አለ። ማታ አንድ ሰው በውጭ ጠንካራ ባትሪ ይዞ መገጣጠሚያውን እያበራ ይሂድ፣ ሌላው ውስጥ መብራት አጥፍቶ ይይ። ሌላው ሰንደል ነው። ፋኑ እየሠራ ሰንደል አብርታችሁ በመገጣጠሚያው ላይ ከላይ እስከ ታች አሂዱት፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ቆይቶ የሆነ ቦታ ላይ ከተጣመመ እዚያ አየር አለ። እኛ ያንን ግድግዳ በሰንደል ስናየው ጭሱ በጣም የተጣመመበት ቦታ ከእጥፋቱ አጠገብ ነበር። አያስደንቅም፤ ፓነሉ በየቀኑ ከሰዓት ሲጎብጥ ማታ ሲመለስ መገጣጠሚያውም አብሮ ይፋተጋል፣ ደርቆ የተሰነጠቀ ሲልከን ደግሞ አብሮ አይለጠጥም።

የጣሪያ መገጣጠሚያ ሌላ ነው፣ በአጭሩ ልበለው። እዚያ የአንዱ ጉብታ በሌላው ላይ ይደረባል፣ ብሎኑም በጉብታው አናት ይገባል እንጂ ውሃ በሚወርድበት ሜዳ አይገባም። ጣሪያው ረዝሞ ፓነል በፓነል ጫፍ ላይ የሚደረብ ከሆነ ተዳፋቱን ከፍ ማድረግ ግድ ነው፤ አንድ ወጥ ለሆነው 5 ወይም 7 ከመቶ ቢበቃ፣ ለተደረበው 10 ከመቶ አካባቢ ይሻላል።

የሞጆውን ግድግዳ አላፈረስነውም። በአግድም ብረቱ ላይ ተጨማሪ አንግል በቡሎን አሰርን። ከዚያ የውጭውን ላሜራ ብቻ፣ እጥፋቱን ይዞ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ቀበቶ ቆርጠን አነሳነው። በእጅ መጋዝ ነው የቆረጥነው፤ በግራይንደር ቢሆን ብልጭታው ፎሙ ውስጥ ይገባል፣ የጠርዙን ዚንክና ቀለምም ያቃጥላል፣ በዓመቱም ዝገት ይጀምራል። ከቁርጡ በላይና በታች አዲስ ብሎን አስገባን፣ በላዩ ቡታይል አድርገን የታጠፈ ላሜራ ክዳን ጫንንበት፣ ዝናብ እንዳይገባ የላይኛው ከንፈሩ ከላይኛው ላሜራ ስር ሆኖ። የመገጣጠሚያዎቹን የውጭ ጎን አንድ በአንድ አጸዳንና ቡታይል ሞላን። የውስጡን ሲልከን ደግሞ ከታች በየመገጣጠሚያው አንድ ስንዝር ያህል ቆርጠን ከፈትነው፣ ገብቶ የቀረው ውሃ እንዲወጣ። በመጨረሻ ምዕራቡን ግድግዳ ነጭ ቀባነው። ባለቤቱ ሰማያዊውን ይወደው ስለነበር ትንሽ አዝኗል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተመልሼ ከላይኛው ብረት እስከ መሃሉ ብረት ክር ዘረጋን። ለነጭ ቀለም፣ ለ4 ሜትር ስፓን፣ በስሌት የሚጠበቀው መጉበጥ 12 ሚሊሜትር ነው። በማስመሪያ ስንለካው 11 ወጣ፤ በክዳኑ አጠገብ ያለውን ላሜራ በአውራ ጣቴ ስጫነውም አልነቃነቅ አለ።